የቤት መኪና የሰው ዕቃ ሲያደርስ

ከቃሊቲ ማሠልጠኛ ተነስቶ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሥራ በአብዛኛው ዕቃ ማምረት፣ ማከማቸትና ማመላለስ ነው። የቃሊቲ ጉምሩክ እዚያ ነው፤ የአስመጪዎች መጋዘኖች፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች እዚያ ናቸው። ትንሽ ወረድ ሲባል ደግሞ የገላን፣ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ይመጣሉ። መጋዘኑና ገዢው በዚህ ያህል ቅርበት ሲኖሩ በመሃላቸው ዕቃ የሚያደርስ ሰው መፈለጉ አይቀርም። በአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከታገደና በልዩ ፈቃድ ብቻ እንዲሠራ ከተደረገ ወዲህ፣ የዚህ ሥራ ከፊሉ በትንንሽ የቤት መኪኖች ላይ ወድቋል። ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ከመጋዘን አምስት ስድስት ካርቶን ጭኖ በሠፈሩ የሚያድል፣ ቅዳሜና እሑድ የኬክ ቤት ትዕዛዝ የሚያደርስ፣ በቴሌግራም የሚሸጥ ዘመዱን «የነዳጅ ብቻ» እያስከፈለ የሚያግዝ ባለመኪና በአካባቢው ብዙ ነው።

ከእነዚህ ባለመኪኖች ብዙዎቹ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብተዋል። ዓረቦናቸውን በጊዜው ይከፍላሉ፤ የሦስተኛ ወገን ስቲከራቸው በመስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ቦሏቸውም አላለፈም። የከፈሉበትን ውል ግን የገዙት ለሌላ ዓይነት አጠቃቀም ነው። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አደጋ ደርሶ የካሳ ጥያቄ ቅጽ ሲሞሉ ነው።

ጉዳዩ የሚጀምረው ፖሊሲው ፊት ላይ ከሚገኘው ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ የመድን ገቢውን ስም፣ የመኪናውን ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ የተገመተበትን ዋጋና የዓረቦኑን መጠን ይይዛል። ሰው የሚያነበው እነዚህን ነው። ከእነሱ በታች ወይም በተያያዘው ገጽ ላይ «የአጠቃቀም ገደብ» የሚል አንድ አንቀጽ አለ። በቤት መኪና ፖሊሲ ላይ ይህ አንቀጽ በተለመደው ይዘቱ መኪናው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ እንዲሁም ለመድን ገቢው የራሱ ሥራ ጉዞ እንደሚውል ይፈቅዳል። ቀጥሎ ደግሞ የማይሸፍናቸውን ይዘረዝራል፦ በኪራይ ወይም በክፍያ ማገልገል፣ ውድድርና የፍጥነት ሙከራ፣ ከናሙና በቀር ከንግድ ጋር የተያያዘ ዕቃ ማጓጓዝ። ይህ አነጋገር ከእንግሊዝ የመኪና መድን ውሎች የተወሰደ ነው፤ በቃላት ይለያይ እንጂ በአገራችን መድን ሰጪዎች ፖሊሲዎች ውስጥም በዚሁ ይዘት ይገኛል።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ክልከላዎች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚያስተውለው አንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍያን ይመለከታል፦ ገንዘብ ተቀብሎ የሌላ ሰው ዕቃ ወይም ሌላ ሰው ማጓጓዝ። ሁለተኛው ዕቃውን ይመለከታል፦ ማንም ምንም ባይከፍልም የንግድ ዕቃ መጫን። ስለዚህ በአቃቂ ዳቦ ቤት ያለው ሰው የራሱን ዳቦ በራሱ መኪና ወደ ሱቆች ቢያደርስ ማንም የማጓጓዣ አልከፈለውም ብሎ ሊጽናና አይችልም። ዳቦው የንግድ ዕቃ ነው። «ለራሱ ሥራ ጉዞ» የሚለው ፈቃድ ወደ ገበያ ሄዶ ዋጋ ጠይቆ መመለስን ወይም ደንበኛ ማነጋገርን ይሸፍናል፤ ሃምሳ ዳቦ ጭኖ ማከፋፈልን አይሸፍንም። መድን ሰጪዎችም ለእነዚህ ሁለት አጠቃቀሞች የተለያዩ መደቦች አሏቸው። የራስን የንግድ ዕቃ መጫን አንድ መደብ ነው፤ የሌላን ሰው ዕቃ በክፍያ መጫን ሌላ መደብ ነው፤ የኋለኛው ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ዓረቦን ይጠየቅበታል።

ዓረቦኑ ለምን ይለያያል? ከቢሮ ወደ ቤት የሚመላለስ መኪና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ባለቤቱ በሚያውቀው መንገድ ይሄዳል። ዕቃ የሚያደርሰው መኪና ግን በአንድ ምሽት አሥር ቦታ ይቆማል። ባልታወቀ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በጨለማ መንገድ ዳር በአደጋ መብራት ይቆማል፤ አሽከርካሪው ስልኩን እያየ የብሎክ ቁጥር ይፈልጋል፣ ደንበኛው «አሁን የት ደረስክ?» እያለ ይደውልበታል። የኋላ መቀመጫ ታጥፎ የተጫነ ዕቃ የኋላ መስታወትን ይጋርዳል። መድን ሰጪው የቤት መኪናን ዋጋ ሲተምን ይህን ሁሉ አላሰበም። የአጠቃቀም ገደቡ የተጻፈው ይህን ስሌት ለመጠበቅ ነው።

አሁን ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። ሰውየውም ቁጥሮቹም ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው፤ የማንም መድን ሰጪ ዋጋ አይደሉም። በቃሊቲ አንድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት የሚሠራ፣ በቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው እናስብ። በባንክ ብድር የገዛት ቪትዝ አለችው። መስከረም 1 ቀን ለአንድ ዓመት በቤት መኪና መደብ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቶ 24,000 ብር ዓረቦን ከፍሏል። በመጋቢት አንድ የመለዋወጫ አስመጪ ያነጋግረዋል፤ ከሥራ ሲወጣ በየምሽቱ ለጋራዦች የሚላኩ ዕቃዎችን ከመጋዘን ወስዶ በመንገዱ ላይ እንዲያደርስ፣ በደረሰው ዕቃ ልክ እንዲከፈለው ይስማማሉ። ለመድን ሰጪው ምንም አላለም። ነገሩ ሕገ ወጥ ስላልመሰለው፣ መኪናውም ያው መኪና ስለሆነች፣ ሊነገር የሚገባ ነገር መኖሩ ትዝ አላለውም።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ በጣለበት አንድ ምሽት፣ በቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ ፍሬን ያዘና መኪናዋ ተንሸራታ ከፊት የቆመች ፒክአፕ መታች። የቪትዟ ጉዳት 270,000 ብር ተገመተ፤ የፒክአፑ 90,000 ብር። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አነሳ። ጥፋቱ የኋለኛው መኪና ሆነ። በማግስቱ ሰውየው ወደ መድን ሰጪው ቢሮ ሄደ። የካሳ ክፍል ሠራተኛዋ ቅጹን ሰጥታው ሲሞላ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፦ በአደጋው ጊዜ ተሽከርካሪው ለምን አገልግሎት ይውል ነበር?

«ጌታዬ፣ በሰዓቱ ወዴት ነበር የሚሄዱት?» አለችው።

«ለአንድ ጋራዥ ዕቃ ላደርስ» አላት። ውሸት የሚናገር ሰው አልነበረም።

ይህ መልስ ባይሰጥ ኖሮም ነገሩ መውጣቱ አይቀርም ነበር። የመድን ሰጪው ገምጋሚ መኪናዋን ሲፈትሽ የታጠፈ ወንበርና የመለዋወጫ ካርቶኖች በፎቶው ላይ ይታያሉ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ሰዓቱንና ቦታውን ይይዛል። በመተግበሪያ የሚሠራ ሰው ከሆነ እያንዳንዱ ጉዞ ተመዝግቧል፤ ክፍያው በቴሌብር ከሆነ ደግሞ የገባው ገንዘብ ቀንና ሰዓት አለው። የተመታው ሰው ራሱ «ዕቃ ጭኖ ነበር» ብሎ ቃሉን ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ በሰውየው ላይ የሚደርሰው ከአንድ ቦታ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ብዙ ባለመኪናም ብዙ ጽሑፍም «መድኑ ይፈርሳል» ብሎ አንድ ላይ ይጠቀልለዋል። ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ውጤቶች አሉ፤ የትኛው እንደሚደርስ ማወቁ ለባለመኪናው ራሱ ይበጀዋል።

አንደኛው ከአጠቃቀም ገደቡ በቀጥታ የሚመጣው ነው። ፖሊሲው «ለዚህ አጠቃቀም ሽፋን የለም» ስለሚል፣ በዚያ ምሽት በዚያ ጉዞ ላይ ለቪትዟ የደረሰው 270,000 ብር አይከፈልም። ፖሊሲው ራሱ አልፈረሰም። ሰውየው በማግስቱ ወደ ሥራው ሲሄድ አደጋ ቢደርስበት በዚህ አንቀጽ ሽፋኑ አይከለከልም። የተከለከለው ያ ጉዞ ነው። እዚህ ላይ የሚነሳው ክርክር ብዙውን ጊዜ የጉዞው ወሰን ነው፦ የመጨረሻውን ዕቃ አድርሶ ባዶ መኪና ወደ ቤቱ ሲመለስ ነበር ቢባልስ? የማድረሱ ሥራ ከመጋዘን ተነስቶ ወደ ቤት እስኪመለስ አንድ ጉዞ ነው ብሎ መድን ሰጪው ይከራከራል፤ ብርቱ ክርክርም ነው። እሑድ ጠዋት ቤተሰቡን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከሆነ ግን የአጠቃቀም ገደቡ መያዣ የለውም።

ሁለተኛው ከሕጉ ይመጣል። የመድን ውልን የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍል ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የነጋዴዎችን፣ የማኅበራትንና የኪሳራን ክፍሎች ሲተካ የመድኑን ክፍል አልነካም። ከአንቀጽ 667 እስከ 669 ያሉት ድንጋጌዎች መድን ገቢው ውሉን ሲዋዋል ሥጋቱን በትክክል እንዲገልጽ፣ በውሉ ዘመንም ሥጋቱን የሚያከብድ ለውጥ ሲመጣ እንዲያሳውቅ ያስገድዳሉ። ከመጋዘን ዕቃ ለማመላለስ መስማማት እንዲህ ያለ ለውጥ ነው። ከላይ ካየነው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ግዴታ በአንድ ጉዞ ላይ አይወሰንም። አደጋው እሑድ ጠዋት ቢደርስም መድን ሰጪው «የመኪናዋ ሥጋት ከመጋቢት ጀምሮ ተለውጧል፣ አልነገርከኝም» ሊል ይችላል።

ሕጉ ታዲያ እዚህ ላይ ሆን ብሎ የደበቀውንና ሳያስበው ያልተናገረውን ለይቶ ያያቸዋል። ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣበታል። «መድኑ ፈረሰ» የሚባለው በእውነት ይህ ነው። ሳያስበው ላልተናገረ ሰው ግን ውሉ ጸንቶ ይቆያል፤ ነገሩ ከአደጋ በኋላ ከታወቀ ካሳው የከፈለው ዓረቦን መክፈል ከነበረበት ባነሰው ልክ ይቀነሳል። በምሳሌያችን ለንግድ መደቡ ዓረቦን 36,000 ብር ቢሆን ኖሮ፣ ሰውየው የከፈለው 24,000 ብር የዚያ ሁለት ሦስተኛ ነው። ጉዳቱ በአጠቃቀም ገደቡ የማይከለከል እሑድ ጠዋት የደረሰ ቢሆን፣ ከ270,000 ብሩ 180,000 ብር የማግኘት መንገድ ይኖረው ነበር ማለት ነው። በምሽቱ ጉዞ ላይ ግን መድን ሰጪው ይህን የማቃለያ ድንጋጌ አይጠራም፤ የአጠቃቀም ገደቡን ይጠራል፤ ከእሱ የሚገኘው ደግሞ ዜሮ ነው።

ሠራተኛዋ ስትጠይቀው ሰውየው እውነቱን መናገሩ ትልቅ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። «ወደ ዘመድ ቤት ስሄድ» ቢል ኖሮ አንድ ጉዞ ውድቅ የማድረጉን ጉዳይ ሆን ተብሎ ወደ ተነገረ ሐሰት ይለውጠው ነበር። በቅጽ ላይ የተፈረመ ሐሰት ደግሞ ፖሊሲውን ከነጭራሹ ሊያሳጣው፣ በሌላ መድን ሰጪ ዘንድ ሲመዘገብም ሊከተለው ይችላል። ዕቃ እያደረሱ አደጋ የደረሰባቸው ባለመኪኖች በድንጋጤ የሚሠሩት ከባዱ ስሕተት ይህ ነው፤ ጓደኛ ይመክራል፣ ደላላም ይመክራል። ሊሰሙት አይገባም።

ሦስተኛው ውጤት የፒክአፑን ባለቤት ይመለከታል። የ2005 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ ለሌላ ሰው ሞት፣ የአካል ጉዳትና የንብረት ጉዳት የሚያገለግል መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። ዓላማው ጉዳት የደረሰበትን ሰው መጠበቅ ስለሆነ ባለመኪናውና መድን ሰጪው በአጠቃቀም ገደብ ቢጨቃጨቁ ጭቅጭቁ ተጎጂውን ባዶ እጁን እንዲሰደው አይደለም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በፖሊሲዎቹ ውስጥ መድን ሰጪው በሕግ ተገድዶ ለተጎጂው የከፈለውን፣ በውሉ መሠረት ግን ባልተገደደበት ጉዳይ፣ ከመድን ገቢው መልሶ የመጠየቅ መብቱን የሚያስጠብቅ አንቀጽ አለ። ስለዚህ ሰውየው የፒክአፑ 90,000 ብር ተከፈለ ብሎ ሲረጋጋ ከወራት በኋላ የመልስልኝ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል።

የግዴታው ሽፋን ጣሪያ አለው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ከፍተኛ መጠን 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር ነበር። የመኪኖች ዋጋ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ ማንም ያውቃል። ከጣሪያው በላይ ያለውን የሚሸፍነው በሙሉ ኢንሹራንሱ ውስጥ ያለው ተጨማሪ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ነው፤ እሱ ደግሞ በአጠቃቀም ገደቡ ሥር ያለ ነው። ባንኩም አለ። መኪናዋ በብድር የተገዛች ስለሆነ በፖሊሲው ላይ የባንኩ ጥቅም ተመዝግቧል፤ መድን ሰጪው ካሳውን ሲከለክል ግን የወር ክፍያው አይቆምም። ሰውየው የማትነዳ መኪናን ብድር እየከፈለ ጥገናዋን ከኪሱ ይሸፍናል።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ሥራ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ነገር ዕቃ ማድረስ ከመጀመሩ በፊት ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማመልከት ነው። በስልክ «ነግሬአቸዋለሁ» ማለት በኋላ አይረዳም፤ ፖሊሲውን የሸጠው ወኪል ማወቁም መድን ሰጪው እንዳወቀ መቆጠሩ አከራካሪ ነው። ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። የፖሊሲውና የሰሌዳው ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ዕቃው የራሱ የአመልካቹ ወይስ የሌላ ሰው መሆኑ፣ ክፍያ መኖር አለመኖሩ፣ የሥራው ሰዓትና አካባቢ፣ ሌላ የሚያሽከረክር ሰው ካለ ማንነቱና የመንጃ ፈቃዱ ምድብ ይጻፋል። የገቢ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከባለመኪናው ዘንድ ይቀመጣል።

ማመልከቻው ውስጥ «ለንግድ ሥራ» የሚል አንድ ቃል ብቻ መጻፍ በቂ አይደለም። ከላይ እንዳየነው የራስ የንግድ ዕቃና የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ የተለያዩ መደቦች ናቸው። የራሱን ዳቦ የሚያደርሰው ሰው ለራስ ዕቃ የሚሆነውን መደብ ቢገዛና በኋላ ለጎረቤቱ ኬክ ቤት በክፍያ ቢያደርስ እንደገና ከሽፋን ውጭ ይወጣል። የሚሠራው ሥራ ሁለቱንም የሚያካትት ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ሰፊውን መደብ መጠየቅ ይሻላል።

መድን ሰጪው ከተስማማ በፖሊሲው ላይ የማሻሻያ አባሪ ይሰጣል፤ በቢሮዎቹ ውስጥ «ኢንዶርስመንት» ይሉታል። ለቀረው የውል ጊዜ ተጨማሪ ዓረቦን ያስከፍላል። በምሳሌያችን ሰውየው መጋቢት 1 ቀን ቢያመለክት ኖሮ፣ በሁለቱ መደቦች መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 12,000 ብር ስለሆነ ለቀሩት ስድስት ወራት የሚከፍለው 6,000 ብር ነበር። ከ270,000 እና ከ90,000 ብር ጋር ሲነጻጸር ይህ ብዙ አይደለም። ዓረቦኑ ሳይከፈል ግን አባሪው ሥራ አይጀምርም፤ ስለዚህ «ሰኞ እከፍላለሁ» ብሎ እሑድ ዕቃ መጫን አይገባም። አባሪው ሲመጣም ቁጭ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፦ በአጠቃቀም ገደቡ ቦታ ላይ አዲሱ አጠቃቀም በግልጽ መጻፉን፣ ቀኑ መቼ እንደሚጀምር፣ አደጋ ሲደርስ ባለመኪናው ከኪሱ የሚሸፍነው የመጀመሪያ ድርሻ ለንግድ መደብ ከፍ ብሎ እንደሆነ። ይህ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሰዎችም ከአደጋ በኋላ ነው የሚያዩት።

እዚህ ላይ የሰሌዳ ጉዳይ ይነሳል። የቤት መኪና የያዘው ኮድ 2 ነው፤ ለንግድ የሚውለው ኮድ 3። በራይድና በመሳሰሉት የሚሠሩ ብዙ ባለመኪኖች ወደ ኮድ 3 የተዛወሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃ በክፍያ ማመላለስን ቋሚ ሥራው ያደረገ ሰውም ወደዚያ መሄድ ይኖርበታል፤ የሚሄደውም ወደ ከተማው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ነው። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠየቃል፤ ሊብሬውም ይለወጣል። መድን ሰጪዎችም ኮድ 2 ላለው መኪና በክፍያ የማጓጓዝ ሽፋን ለመስጠት ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያነሱት ይህን ነው። ስለዚህ በቢሮው ቅደም ተከተሉን ጠይቆ መሄድ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ሰሌዳው ከተለወጠ በኋላ እንጂ አይቀበልም፣ አንዳንዱ ማመልከቻውን ተቀብሎ ሊብሬውን ይጠብቃል።

በሰሌዳ ለውጡ መሃል የሚፈጠር አንድ ክፍተት አለ። አዲሱ ሰሌዳ ሲለጠፍ በፖሊሲውና በሦስተኛ ወገን የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው አሮጌው ቁጥር ነው። በዚያ ቀን አደጋ ቢደርስ ወረቀቱ ሌላ መኪና ይላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ስላለ ነገሩ በክርክር ሊፈታ ይችላል፤ ግን ለምን ወደ ክርክር ይኬዳል? ሰሌዳው በተሰጠ ዕለት ቅጂውን ይዞ ወደ መድን ሰጪው መሄድና ስቲከሩን ማስለወጥ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ባንክ ካለም ስለ ሰሌዳና ስለ አጠቃቀም ለውጡ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ብዙ የብድር ውሎች ያለ ባንኩ ፈቃድ መኪናውን ለሌላ አገልግሎት ማዋልን ይከለክላሉ።

የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድም የራሱ ቦታ አለው። ፖሊሲው ሽፋን የሚሰጠው ለተሽከርካሪው ዓይነትና ለአገልግሎቱ የሚመጥን ፈቃድ ላለው ሰው ነው። ባለቤቱ በደከመው ምሽት ወንድሙን «አንተ ዛሬ አድርስልኝ» ብሎ ቁልፉን ቢሰጠው፣ የወንድሙ ፈቃድ ምድብ ከንግድ አገልግሎቱ ጋር የማይገጥም ከሆነ የተስተካከለው የአጠቃቀም አንቀጽ ብቻውን አያድነውም። ማመልከቻው ላይ ሌላ አሽከርካሪ መጻፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ስለ ዕቃው ራሱም ማሰብ ያስፈልጋል። የመኪና መድን በየትኛውም መደብ ቢገዛ ያን ምሽት በቪትዟ ውስጥ የነበሩትን የመለዋወጫ ካርቶኖች አይሸፍንም። ዕቃው ቢሰባበር፣ ዝናብ ቢያበሰብሰው ወይም አሽከርካሪው ደረጃ ወጥቶ ሲያስረክብ ከመኪናው ቢሰረቅ፣ አስመጪው የሚጠይቀው ሰውየውን ነው። ለዚህ የተለየ የጉዞ ዕቃ መድን አለ፤ ትልልቅ አስመጪዎች ራሳቸው የገዙት ሊኖር ይችላል። ዕቃ ለማድረስ ከመስማማት በፊት ለላኪው የሚቀርቡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ዕቃው በመንገድ ላይ መድን አለው ወይ? ያ መድን በእኔ መኪና የሚሄደውን ይጨምራል ወይ? ለሁለቱም «አዎ» ቢባልም የላኪው መድን ሰጪ ካሳውን ከፍሎ አጓጓዡን በጥፋቱ መልሶ ሊከስ ስለሚችል፣ ከላኪው ጋር በሚፈረመው ወረቀት ላይ የአጓጓዡ ኃላፊነት እስከ ስንት ብር እንደሆነ መጻፍ ይሻላል። በቃል በሚደረግ ስምምነት ይህ ጣሪያ የለም።

በለንደን ከ2016 እ.አ.አ. ጀምሮ ለዕቃ አድራሾች በሰዓት የሚሸጥ መድን ያቀረበ ዜጎ የተባለ ድርጅት አለ፤ አድራሹ ሥራ ሲጀምር ሽፋኑ ይከፈታል፣ ሲጨርስ ይዘጋል። እዚህ የተለመደው የዓመት ውል ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ምሽት የሚሠራ ሰውም ሙሉውን የንግድ መደብ ልዩነት ይከፍላል፤ ይህ ለትንሽ ሥራ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። በወር ሦስት አራት ዕቃ ለሚያደርስ ሰው ስሌቱ አንዳንዴ «ይህን ሥራ አልሠራም» ወደሚለው ሊወስደው ይችላል። ያ ውሳኔ ደግሞ ያልተነገረውን አደጋ በየምሽቱ ይዞ ከመሄድ ይሻላል።

መድን ሰጪው ካሳውን ከከለከለ መልሱን በጽሑፍ፣ የጠቀሰውን አንቀጽ ይዞ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። ደብዳቤው የአጠቃቀም ገደቡን ይጠቅሳል ወይስ አለመግለጥን? ልዩነቱን ከላይ አይተናል፤ አንዱ ጉዞውን ብቻ ይመለከታል፣ ሌላው የካሳ ቅነሳ ክርክር ይከፍታል። ቅሬታው በመጀመሪያ በድርጅቱ ውስጥ ለበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም መድን ሰጪዎችን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሊቀርብ ይችላል፤ ፖሊሲው የግልግል አንቀጽ ካለው እሱም አለ። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው ሰዓት ግን ይቆጥራል፤ በመድን ውል ላይ የሚነሳ ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል። ደብዳቤ እየተጻጻፉ ጊዜው እንዳያልፍ ቀኑን መጻፍ ያስፈልጋል።

ሥራው ሲያበቃም ተመሳሳይ መንገድ ነው። አስመጪው ውሉን ቢያቋርጥ ወይም ባለመኪናው ሥራውን ቢተው፣ ማመልከት ይኖርበታል፤ ወደ ቤት መኪና መደብ መመለሱን የሚያሳይ አባሪ ይወጣል፣ ላልተጠቀመበት ጊዜ ከተከፈለው ልዩነት የሚመለሰው ይሰላል፤ ሰሌዳው ተለውጦ ከነበረ ደግሞ የሰሌዳው ጉዳይ በባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ ለብቻው ይታያል። እስከዚያ ድረስ መኪናዋ የያዘችው የንግድ ሽፋን ስለሆነ ቤተሰብ ይዞ መጓዝ በአባሪው ውስጥ መፈቀዱን ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ የንግድ መደቦች ከአሽከርካሪውና ከረዳቱ ሌላ ተሳፋሪ አይሸፍኑም።